የቆለፉት ቻናል ለምን ተመልሶ ይከፈታል? ስለ ሪሲቨር ፒንና ስለ ልጆች ፕሮፋይል

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሪሲቨራችን ላይ ፒን አስገብቼ ለልጅ የማይሆኑትን ቻናሎች ቆልፌ ነበር። ወር ሳይሞላው የ13 ዓመቱ ልጄ ከፍቶ ሲያይ አገኘሁት። እህቴ ከውጭ በሰጠችን ኔትፍሊክስ ላይም ለ8 ዓመቷ ልጄ የልጆች ፕሮፋይል ከፍቼላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ከዚያ እየወጣች በእኔ ስም ታያለች። ፒኑ አይሠራም ማለት ነው? የተሻለ ሪሲቨር ልግዛ?»

ሪሲቨር አይግዙ። አዲሱም ከካርቶኑ ሲወጣ ፋብሪካው የሰጠውን ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልጅዎ የአሁኑን የከፈተበት መንገድ አዲሱንም ይከፍትለታል። ፒኑም አልተበላሸም። የተፈጠረው ችግር መቆለፊያው ምን እንደሚቆልፍና ምን እንደማይነካ ካለማወቅ የመጣ ነው፤ ሪሲቨሩ ላይና ኔትፍሊክሱ ላይ ያለው ስህተት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

ከሪሲቨሩ እንጀምር። ቻናል ሲቆልፉ ከሳተላይት የሚመጣው ሲግናል አይቆምም። ሪሲቨሩ የሚያደርገው ነገር ቢኖር በራሱ የቻናል ዝርዝር ውስጥ፣ ከዚያ ቻናል ስም ጎን፣ «ይህ ሲከፈት ቁጥር ጠይቅ» የሚል ምልክት ማስቀመጥ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ሆኖ የሚታየው ያ ነው። ምልክቱ የተቀመጠው ዝርዝሩ ላይ ስለሆነ ዝርዝሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ቻናሉ በአዲስ ስካን እንደገና ሲገባ ደግሞ ምልክት የሌለው ሆኖ ይገባል። ስለዚህ የተቆለፈ ቻናል የሚከፈተው በሦስት መንገድ ነው፦ ልጁ ቁጥሩን አውቆታል፣ ሪሲቨሩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ተመልሷል፣ ወይም ቻናል እንደ አዲስ ተፈልጓል። የትኛው እንደሆነ ልጁን መመርመር ሳያስፈልግዎት ከስክሪኑ ላይ ማንበብ ይችላሉ።

ቻናል እያዩ OK ተጭነው ዝርዝሩን ያውጡት። የቁልፉ ሥዕል ከቆለፏቸው ቻናሎች ጎን አሁንም ካለና ልጁ ግን ከከፈታቸው፣ ቁጥሩን ያውቀዋል። ሥዕሉ ከሁሉም ላይ ከጠፋ፣ እርስዎ ያዘጋጁት የፌቨሪት ዝርዝርም አብሮ ከጠፋ፣ ሰዓቱም ከተዛባ፣ አንድ ሰው Factory Reset ወይም Factory Default የሚለውን ተጭኗል። ሥዕሉ በድሮው ቦታ ላይ እንዳለ ሆኖ ያው ቻናል በዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ሁለተኛ ጊዜ ያለ ቁልፍ ተቀምጦ ካገኙት ደግሞ ስካን ተደርጓል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የልጅ ሥራ አይደለም። ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር ወይም ንፋስ ዲሹን ሲያዞረው የተጠራው የዲሽ ባለሙያ ሳተላይቱ ላይ ያለውን ፍሪኩዌንሲ ሁሉ የሚያስሰውን Blind Scan ሲያደርግ ሪሲቨሩ ያንኑ ፍሪኩዌንሲ አንድ ወይም ሁለት ሜጋኸርዝ አዛንፎ እንደ አዲስ ሊመዘግበው ይችላል፤ በሥሩ ያሉት ቻናሎች በሙሉም ድጋሚ ይገባሉ። ኮንዶሚኒየም ጣራ ላይ ዲሾች ተጠጋግተው በሚተከሉበት፣ አንዱን ለማስተካከል የወጣ ሰው የሌላውን ነክቶ በሚወርድበት ሁኔታ ስካን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ መደረጉ አይቀርም።

በእርስዎ ሁኔታ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ግን ቁጥሩን ነው። «ፒን አስገብቼ» ብለዋል። የመቆለፊያውን ገጽ መጀመሪያ ሲከፍቱ ሪሲቨሩ ፒን ይጠይቃል፤ ባለሙያው የነገረዎትን 0000 ያስገባሉ፤ ገጹ ይከፈትና ቻናሎቹን ይቆልፋሉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፒን ያወጣ ይመስለዋል። ያስገቡት ግን ፋብሪካው የሰጠውን ቁጥር ነው፤ አሁንም በሩ የሚከፈተው በእሱ ነው። እዚህ አገር ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የነጻ ቻናል ሪሲቨሮች 0000 ይዘው ነው የሚመጡት፤ 1234 ወይም ባለ ስድስት አሃዝ 000000 የሚሆንበትም አለ። ለ13 ዓመት ልጅ ይህን መሞከር የደቂቃ ሥራ ነው። የራስዎ ፒን ወጣ የሚባለው Change PIN ወይም New Password የሚለው ቦታ ገብተው አዲሱን ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን Confirm በሚለው ላይ፣ ሲያስገቡ ብቻ ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ወጥመድ ላንሳ። አንዳንድ ሪሲቨሮች ላይ ከቻናል መቆለፊያው ጎን 7፣ 12፣ 16፣ 18 የሚል የዕድሜ ምርጫ ይታያል። ሰው 18 ላይ አድርጎት ጨርሻለሁ ብሎ ይተወዋል። ይህ ምርጫ የሚሠራው ጣቢያው ራሱ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጋር የዕድሜ ደረጃ አያይዞ ሲልክ ብቻ ነው፤ ሪሲቨሩ ምስሉን አይቶ የሚፈርደው ነገር የለም። በነጻ የሚታዩ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ደግሞ ይህን መረጃ አይልኩም። መረጃው ካልመጣ ሪሲቨሩ ፕሮግራሙን ለሁሉም የሚሆን አድርጎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በዲሽ ላይ በዕድሜ ምርጫው አይተማመኑ፤ ቻናሉን በስሙ ይቆልፉት ወይም ያጥፉት።

መቆለፍና ማጥፋት የተለያዩ ናቸው፤ ምክሬም እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው። በቤትዎ ማንም የማያየውን፣ ለአዋቂም ቢሆን የማይፈልጉትን ቻናል አይቆልፉት፤ ያጥፉት። ፒን የሚያስፈልገው እርስዎ አልፎ አልፎ ለሚያዩት፣ ለልጆቹ ግን ለማይሆን ቻናል ነው፤ ለምሳሌ ማታ ማታ ያልተቆረጠ ፊልም ለሚያሳይ የፊልም ቻናል። ዝርዝሩ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ቻናል ስሙ ይታያል፤ ስሙን ያየ ልጅ ደግሞ ቁጥሩን መፈለጉ አይቀርም። ከዝርዝሩ የጠፋ ቻናል ግን የሚፈለግ ስም እንኳ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ከቆለፉ በኋላ የሚደረግ ስካን ልፋትዎን ያበላሸዋል። ስካን የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድመው ያስደርጉና ይጨርሱ። ከዚያ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይዩት። የማይፈለግ ቻናል ላይ ቆመው Info ሲጫኑ ከየትኛው ሳተላይት እንደመጣ ይነግርዎታል። ይህን ማየቱ ይጠቅማል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን የሚያዩት ከኢትዮሳት፣ ማለትም በምሥራቅ 57 ዲግሪ ካለው ሳተላይት ነው፤ ምናልባት ናይልሳትንም በሌላ ዲሽ ይዘው ይሆናል። የማይፈልጓቸው ቻናሎች በሙሉ ቤተሰቡ ከማያየው ሌላ ሳተላይት የመጡ ሆነው ካገኙ አንድ በአንድ ማጥፋት አያስፈልግም፤ የዚያን ሳተላይት ሲግናል ዲሹ ላይ ከሚቀበለው ኤልኤንቢ የሚመጣውን ገመድ፣ ገመዶቹ ከሚገናኙበት ስዊች ላይ ባለሙያው እንዲነቅለው ያድርጉ። ሲግናሉ ቤት ውስጥ ካልገባ ምንም ዓይነት ስካን ቢደረግ፣ ማንም የትኛውንም ቁጥር ቢያውቅ፣ ቻናሉ አይመጣም። በዲሽ ላይ ከዚህ የሚበልጥ መቆለፊያ የለም።

ቻናሎቹ ከሚጠቀሙበት ሳተላይት የመጡ ከሆነ Menu ገብተው Edit Channel ወይም Channel Manager የሚለውን ይክፈቱ። እዚህ ገጽ ላይ የሪሞቱ ባለ ቀለም ቁልፎች እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው፤ የትኛው ቀለም Delete እንደሆነ፣ የትኛው Lock እንደሆነ ከስክሪኑ ሥር ተጽፏል። ከሪሲቨር ሪሲቨር ስለሚለያይ የጎረቤትዎን ቀለም አይከተሉ፤ የራስዎን ስክሪን ያንብቡ። Skip የሚል ካዩ ማጥፊያ እንዳይመስልዎት። Skip ቻናሉን በላይና በታች ቁልፍ ሲቀይሩ ያሳልፈዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቁጥሩን የጻፈ ሰው በቀጥታ ያገኘዋል። የሚጠፉትን አጥፍተው፣ የሚቆለፉትን ቆልፈው ሲጨርሱ በ Exit ይውጡ፤ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ሲጠይቅዎ አዎ ይበሉት። ሳያስቀምጡ መብራት ቢሄድ ሥራው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ባይጀምሩት ይመረጣል።

ቀጥሎ ፒኑን ይቀይሩ። Parental Lock፣ Child Lock ወይም Password ከሚሉት በአንዱ ሥር ያገኙታል። ቁጥር ሲመርጡ የልጆችዎን የልደት ዓመት፣ የስልክዎን የመጨረሻ አራት አሃዝ፣ የስልክዎን መክፈቻ ይተዉ፤ ልጆች እነዚህን ያውቋቸዋል። ሪሞትዎ የተገዛበት ላስቲክ ካልወለቀለት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፒኑን አዘውትረው ሲያስገቡ እነዚያው አራት ቁልፎች ላይ ያለው ላስቲክ ይደበዝዛል፣ የእጅ ቅባትም ይይዛል፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት በግልጽ ይታያል። አራቱ ቁጥሮች ከታወቁ የሚቀሩት 24 አማራጮች ብቻ ናቸው። ላስቲኩን ያውልቁት ወይም በየጊዜው ይቀይሩት፤ ቁጥሩን ሲያስገቡም ሪሞቱን በሌላ እጅዎ ከለል ያድርጉት። ስክሪኑ ኮከብ ቢያሳይም ጣትዎ ይታያልና።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ክፍል ላይ ደርሰናል። ቻናል መቆለፊያው ብቻውን ከበራ ልጁ ሜኑ ገብቶ ስካን ከማድረግ ወይም ሪሲቨሩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ከመመለስ የሚያግደው የለም። ለዚህ የተሠራው Menu Lock ነው፤ አንዳንዱ ላይ Installation Lock ወይም System Lock ተብሎ ይገኛል። ከ Channel Lock ጎን ነው የሚቀመጠው፤ ብዙ ጊዜም ጠፍቶ ነው የሚመጣው። On ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ሜኑ ውስጥ ያሉት የስካንና የሪሴት ገጾች ያለ ፒን አይከፈቱም። በእኔ ግምት ለልጆች ተብለው ከሚደረጉ መቆለፊያዎች ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ አድርጎ ይህን የተወ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የጨረሰው።

ሥራው መያዙን በሙከራ ያረጋግጡ። ሪሲቨሩን ከሶኬቱ ነቅለው ትንሽ ቆይተው ይሰኩት፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ከተመለሰ በኋላ የተቆለፈ ቻናል ይክፈቱና 0000 ያስገቡ፤ ከዚያም 1234። ሁለቱንም እምቢ ማለት አለበት። የስካኑንና የሪሴቱን ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ፤ ፒን መጠየቅ አለበት። በመጨረሻ ትክክለኛውን ፒን አስገብተው የተቆለፈውን ቻናል ይክፈቱ፣ ወደ ሌላ ቻናል ይሂዱ፣ ተመልሰው ይምጡ። እንደገና ከጠየቀዎት ጥሩ ነው። ካልጠየቀዎት ሪሲቨርዎ አንድ ጊዜ ከተከፈተለት እስኪጠፋ ድረስ ክፍት የሚተው ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ማታ አይተው ሲጨርሱ ሪሲቨሩን ሳያጠፉ ሳሎኑን ለቀው አይሂዱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይዘጋ ነገር አለ። የመጀመሪያው ፍላሽ ነው። ሪሲቨሩ ጀርባ ወይም ፊት ላይ ባለው የዩኤስቢ መሰኪያ በኩል የሚጫወት ፊልም ቻናል ስላልሆነ የቻናል ፒን አይጠየቅበትም። ከጓደኛ የመጣ፣ ከቴሌግራም የወረደ ማንኛውም ነገር በዚያ ይታያል። ሁለተኛው ሪሲቨሩ ከዋይፋይ ጋር የሚገናኝ ከሆነ የሚከፈተው የኢንተርኔት ቲቪ ክፍል ነው። የዚያ ዝርዝር ከሳተላይቱ ዝርዝር የተለየ ነው፤ የአዋቂ ክፍል ሲኖረውም የራሱ ፒን ይኖረዋል፤ እሱም ቢሆን 0000 ወይም 1234 ሆኖ ነው የሚጠብቅዎ። ቤተሰቡ ያን ክፍል የማይጠቀምበት ከሆነ የሪሲቨሩን ዋይፋይ አንቴና ነቅሎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሦስተኛው የ13 ዓመቱን ልጅ የሚመለከት ነው። ብዙ ሪሲቨሮች ባለቤቱ ፒኑን ሲረሳ የሚከፍታቸው፣ ፋብሪካው ያስቀመጠው ማስተር ቁጥር አላቸው፤ የሪሲቨሩን ሞዴል ጽፎ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው ሊያገኘው ይችላል። ሶፍትዌሩን በፍላሽ እንደገና መጫንም ፒኑን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ፒን ለ8 ዓመቷ ልጅ በቂ ነው፤ ስልክ ለያዘ የ13 ዓመት ልጅ ግን የሚያዘገየው እንጂ የሚያስቆመው አይደለም። ለእሱ የሚሠራው ቀደም ብዬ ያልኩት ነው፦ የማይፈለገውን አጥፍቶ ሜኑውን መቆለፍ፣ ከተቻለም ሲግናሉን ከምንጩ መንቀል። የተቆለፈ ነገር እንዳለም፣ ለምን እንደተቆለፈም ራስዎ ይንገሩት፤ መቆለፊያውን ከሰበረው ከላይ ባሳየሁዎት ምልክቶች እንደሚያውቁ ጭምር።

ወደ ኔትፍሊክሱ ስንመጣ ስህተቱ ሌላ ነው። የልጆች ፕሮፋይል የሚገድበው በውስጡ የሚታየውን ነው። ልጅቷ ከክፍሏ ወጥታ ወደ እርስዎ ክፍል እንዳትገባ የሚያግዳት ግን የእሷ ክፍል ጠባብነት አይደለም፤ የእርስዎ በር መቆለፉ ነው። ፒኑ የሚደረገው በልጆቹ ፕሮፋይል ላይ ሳይሆን በአዋቂዎቹ ላይ ነው፤ በእርስዎ፣ በባለቤትዎ፣ በእህትዎም ላይ። አንዱ ሳይቆለፍ ከቀረ ልጅቷ በዚያው ትገባለች፤ የተቀሩትን መቆለፍ ምንም አይረዳም።

ይህ ሥራ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ብራውዘር netflix.com ላይ ገብተው ቢሠሩት ይቀላል። Account፣ ቀጥሎ Profiles የሚለውን ይክፈቱ፤ የሚቆለፈውን ፕሮፋይል ሲነኩት Profile Lock የሚል ታገኛላችሁ፣ እርስዎም እህትዎም። የአካውንቱን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ከዚያ አራት አሃዝ ያስገባሉ። የዋናውን ባለቤት ፕሮፋይል ሲቆልፉ አዲስ ፕሮፋይል ለመጨመርም ፒን እንዲጠየቅ የሚያደርግ ምርጫ ያያሉ፤ ምልክት ያድርጉበት። ይህ ካልተደረገ ልጅ በራሷ ስም አዲስ፣ ያልተገደበ ፕሮፋይል ትከፍታለች፤ አንድ አካውንት እስከ አምስት ፕሮፋይል ስለሚይዝ ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

አካውንቱ የእህትዎ ስለሆነ ፓስወርዱን የያዘችው እሷ ናት፤ ያለ እሷ የሚሆን ነገር የለም። አንድ ቀን በስልክ ተገናኝታችሁ እሷ ብትሠራው ይሻላል። ፓስወርዱን ለእርስዎ ልካ ቤት ውስጥ ከተጻፈ ሌላ ችግር ይመጣል፤ የተረሳ ፒን በፓስወርዱ ስለሚቀየር ፓስወርዱን ያገኘ ልጅ ፒኑን አገኘ ማለት ነው። የምትቆልፈው ፒን በፕሮፋይሉ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ በእናንተ ቴሌቪዥን ላይም፣ በልጆቹ ስልክ ላይም፣ በእሷ ቤትም እኩል ይጠይቃል። ስለዚህ የእሷ ቤተሰብ እንዳይቸገር ለየፕሮፋይሉ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ተነጋገሩ።

ሁለቱን ልጆች በአንድ ፕሮፋይል አያስቀምጧቸው። ለ8 ዓመቷ Kids የሚለው ይበቃታል። የ13 ዓመቱን ልጅ እዚያ ቢያስገቡት የካርቱን ገጽ ስለሚሆንበት በማግስቱ ይወጣል። ለእሱ የራሱን ፕሮፋይል ይክፈቱለትና በዚያው ገጽ ላይ ያለውን የዕድሜ ገደብ 13+ ላይ ያድርጉለት፤ ደረጃዎቹ እንደ አገሩ ይለያያሉ፣ አካሄዳቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ትንሿ ወደ እሱ እንዳትገባ የእሱም ፕሮፋይል ፒን ይኑረው። ይህን ፒን እሱ ይያዘው፤ የሚጠበቅባት እህቱ ስለሆነች መቆለፊያው የእሱም ኃላፊነት ይሆናል። 13+ የሚለው ደረጃ በእናንተ ቤት ልማድ የተመዘነ እንዳልሆነ ግን ይወቁት። መሳሳም ያለበት፣ ስድብ ያለበት ፊልም በዚያ ደረጃ ሊያልፍ ይችላል። አንድን ፊልም ለይተው መከልከል ከፈለጉ የዕድሜ ገደቡ ባለበት ቦታ ስሙን ጽፈው ከዚያ ፕሮፋይል የሚያወጡበት ሳጥን አለ።

ሲጨርሱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሞክሩት። በልጅቷ ፕሮፋይል ገብተው ይውጡ፤ የእርስዎን ይንኩ፤ አራት አሃዝ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ ኔትፍሊክስን ዘግተው ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅለው ይመልሱት፤ ለውጡ ያልደረሰው ሊሆን ይችላል። የሁሉንም ፕሮፋይል በየተራ ይንኩ። ምን እንደታየ ማወቅ ሲፈልጉ ደግሞ በአካውንቱ ገጽ Viewing Activity የሚለው ውስጥ ለየፕሮፋይሉ ተዘርዝሯል።

ኔትፍሊክስ የሚከፈትበት ስማርት ቴሌቪዥን ላይ ዩቲዩብም ብራውዘርም አለ፤ ኔትፍሊክስ ሲቆለፍባት ልጅቷ የምትሄደው ወደ እነሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው Restricted Mode በፒን የሚጠበቅ አይደለም፤ ማንም ሪሞት የያዘ ሰው መልሶ ያጠፋዋል። ስለዚህ አፑን ራሱን ከቴሌቪዥኑ በኩል ይቆልፉት። ኤልጂ ላይ በሴቲንግ ውስጥ Safety ሥር Application Locks የሚል አለ፤ ሳምሰንግ ላይ Apps ገብተው የሴቲንግ ምልክቷን ሲነኩና አፑን ሲመርጡ Lock ይወጣል። የሁለቱም የፋብሪካ ፒን 0000 ነው፤ እዚህም መጀመሪያ የሚሠራው እሱን መቀየር ነው። ብራውዘሩን ፈጽሞ ይቆልፉት፤ ቴሌቪዥን ላይ ለልጅ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

ፒኖቹን በወረቀት ይጻፉና ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በሥራ ቦታዎ፣ ያስቀምጡ። የሪሲቨሩ ፒን ከተረሳ በግምት አይገኝም፤ ባለሙያ ተጠርቶ ሪሲቨሩ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ከባዶ ይጀመራል። ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር የሚውል ሰው ካለ፣ ሠራተኛም ትሁን አያት፣ ፒኑን አይስጡ፤ ልጅ ለምኖ የሚያገኘው ከእነሱ ነው።

የዲሽ ባለሙያ በመጣ ቁጥር ደግሞ ሜኑው ስለተቆለፈ ፒን ይጠይቅዎታል። አይንገሩት፤ ሪሞቱን ተቀብለው ራስዎ ያስገቡ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሪሴት እንዳያደርግና በፍላሽ የያዘውን የቻናል ዝርዝር እንዳይጭን ይንገሩት። ጣቢያ ጠፍቶ ከሆነ የጠራችሁት የዚያን ጣቢያ አዲስ ፍሪኩዌንሲ ብቻ በእጅ አስገብቶ ስካን ማድረግ ይችላል፤ ሙሉ Blind Scan አያስፈልግም። ሲጨርስ ከመሄዱ በፊት ዝርዝሩን አውጥተው መጨረሻውን ይዩ፤ አዲስ የገባ ቻናል የሚቀመጠው እዚያ ነው። ያጠፉት ስም ተመልሶ ካገኙት እዚያው ያጥፉት፣ Menu Lock እንደበራ ይዩ፣ 0000 ያስገቡና እምቢ ማለቱን ካረጋገጡ በኋላ ሂሳቡን ይክፈሉት።